የምንቆምበት ቦታ ይመለስልን፦ ለደብራችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለደብራችን አስተዳዳሪ፣
ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣
ለስብከተ ወንጌል ክፍል፣

የተከበራችሁ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሆሳዕና ማግስት በደብሩ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ምክንያት ነው። ማስታወቂያው ሁለት መስመር ብቻ ነው። በወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶችና 40 ወይም 80 ቀናቸው ያልሞላ እናቶች ወደ ቅጽሩ መግባት አይችሉም ይላል። በዚያው ሳምንት በምዕራብ በኩል የነበረው የቆርቆሮ መጠለያ ፈረሰ። ቦታው ላይ የሻማና የጧፍ መሸጫ እየተሠራ ነው።

ያ መጠለያ ለሚያልፍ ሰው ተራ ቆርቆሮ ነበር። ለእኛ ግን በየወሩ ጥቂት ቀን የምንቆምበት ቦታ ነው። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረው። የድምጽ ማጉያው አንዱ አፍ ወደዚያ ዞሮ ተሰቅሎ ነበር። ቅዳሴው፣ ወንጌሉ፣ ስብከቱ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ ማንም አይበተንም። እናቶቻችን እዚያ ቆመው አስቀድሰዋል። እኛንም እዚያ ይዘውን ቆመዋል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ሥርዓቱ ይሻር አላልንም። በወር አበባችን ወቅት ወደ ቅኔ ማሕሌት እንግባ፣ እንቁረብ አላልንም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን እየጠበቅን ኖረናል፤ ወደፊትም እንጠብቃለን። ቅሬታችን ሌላ ነው። ሥርዓቱ የሚያስቆመን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ማስታወቂያው ግን የአጥሩ በር ላይ አስቆመን። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ቦታ ደግሞ ጸሎታችን ያለበት ነው።

አባቶቻችን እንዲህ አስተምረውናል። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አላት፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። በልማዷ ላይ ያለች ሴት ወደ እነዚህ አትገባም፣ ሥጋውን ደሙን አትቀበልም። በዐውደ ምሕረቱና በግቢው ውስጥ ግን ቆማ ታስቀድሳለች፣ ትጸልያለች፣ ቃሉን ትሰማለች። ደሙ ኃጢአት አይደለም፤ ንስሐም አይገባበትም። ክብሩን ስለምናከብር ለጥቂት ቀን ገለል ብለን እንቆማለን። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነውም፣ የንስሐ አባቶቻችን የሚነግሩንም ይኸው ነው። አሁን የተለጠፈው ወረቀት ከየትኛው ትምህርት እንደተወሰደ እንዲነገረን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ማስታወቂያው ያስከተለውን በመጀመሪያ ያየነው የስቅለት ዕለት ነው። እንደምታውቁት በስቅለት ሕዝቡ በሙሉ ግቢውን ሞልቶ ይሰግዳል። ወንዱም ሴቱም ውጭ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት በሩ ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ አስተባባሪዎች ቆመው ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። አንዱ አስተባባሪ ሰው በተሰለፈበት ድምጹን ከፍ አድርጎ "ንጹሕ ነሽ?" አላት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና ዞራ ሄደች። አባቷ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሰዎቹን አየ፤ ከዚያ እሱም ተከትሏት ሄደ። ያቺ ልጅ የመዝሙር ክፍላችን አባል ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄደን ነበር። እናቷ በር ላይ ተቀብላ "አፍራለች፣ ተዋት" አለችን።

እኛ የቀረነው አጥሩ ሥር ሰገድን። ስድስት ሴቶች ነበርን። ከታክሲ ተራው አጠገብ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነጠላችንን አንጥፈን ነው የሰገድነው። ወያላው "መርካቶ! መርካቶ!" ይላል። ከውስጥ ደግሞ "ኪርያላይሶን" ይሰማናል፤ ግማሹ በመኪና ጡሩምባ ይዋጣል። አንዲት እናት ስትነሳ ግንባሯ ላይ የአስፋልት ጠጠር ተጣብቆ ነበር። በመጨረሻ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባ እየጠበጠቡ የስግደት ቁጥር ሲያዙ እኛ ጋ የሚመጣ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ቀን እንዲህ አለፈ።

በሩ ላይ ስለሚጠየቀው ጥያቄ ሌላም የምንለው አለን። የንጽሕና ሥርዓቱ ለሴት ብቻ የተሠራ አይደለም። ሕልመ ሌሊት ያገኘው ወንድ በዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ባልና ሚስት በተገናኙበት ዕለት አይገቡም። ቁስሉ የሚደማ ሰውም አይቆርብም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም እስከ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ አንድን ወንድ "ሌሊት ምን አገኘህ?" ያለ አስተባባሪ አላየንም። መጠየቅም የለበትም፤ ነውር ነው። የወንዱ ጉዳይ በእሱና በንስሐ አባቱ መካከል ነው። የሴቷም እንዲሁ ይሁን። ለወንዱ የንስሐ አባት፣ ለሴቷ የበር አስተባባሪ የሚል ሥርዓት የለንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የክርስትና ቀንን ይመለከታል። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር፤ እህቶቼም ፈቅደውልኛል።

ባለፈው ዓመት መስከረም 10 መንታ ወለድኩ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። እንደሚታወቀው ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ቁጥሩ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች 7 ቀን፣ ከዚያ 33 ቀን ትቆያለች፤ አንድ ላይ 40። ሴት የወለደች 14 እና 66፤ አንድ ላይ 80። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ምክንያቱን ከአዳምና ከሔዋን ያመጣዋል። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወደ ገነት እንደገባ ነው ማለት ነዋ።

እንግዲህ ቆጠራው። የተወለዱበትን ቀን አንድ ብለን ስንጀምር የወንዱ 40 ጥቅምት 19፣ የሴቷ 80 ኅዳር 29 ይውላል። ቢሮ ስንሄድ መዝጋቢው ከመስከረም 11 ጀምሮ ቆጥሮ ጥቅምት 20 አለን። የክርስትና አባቱ ከክፍለ ሀገር ነበር የሚመጣው፤ ለ20 ተዘጋጀ። በ18 ማታ አንድ ካህን ደውለው "ነገ ነው፣ ገብርኤል ዕለት ነው፣ እንዳያልፋችሁ" አሉ። የክርስትና አባቱ አልደረሰም። ጎረቤት ተለምኖ ልጁን አነሣው። አንድ ቀን ነው፤ ግን የልጅን የክርስትና አባት ለወጠ።

ከዚያ በፊት ደግሞ መንታ እንዴት ይደረጋል ብለን ሦስት ሰው ጠይቀን ነበር። አንዱ እያንዳንዳቸው በየቀናቸው አሉን። ሌላው ሁለቱም በ80 አንድ ላይ አሉ። ሦስተኛው "እንደፈለጋችሁ" አሉን። እኛ የመጀመሪያውን ያዝን።

ጥቅምት 19 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ልጄን አልብሼ ለእናቴ ሰጠሁ። የወንዱ ቀን ቢሞላም የሴቷ ስላልሞላ እኔ አልገባም። መጠለያው ውስጥ ሴት ልጄን አቅፌ ተቀመጥኩ። ወንዱ ቆራቢ ነውና ጡት አልጠባም ነበር። ውኃው ሲነካው ሲያለቅስ በማጉያው ሰማሁት። የእሱን ለቅሶ ለይቼ አውቀዋለሁ። ወተቱ ቀሚሴን አልፎ ነጠላዬን አረጠበው። አጠገቤ የነበሩ እናት ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን አወለቁና ደረቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ቅዳሴው አልቆ ልጁን እስኪያመጡልኝ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ማዕተቡን አስሮ፣ ሜሮን ሜሮን እየሸተተ መጣ። በእውነት በዚያ ቀን አልከፋኝም። ቦታ ነበረኝ። ሁሉን ሰምቻለሁ።

የከፋኝ ኅዳር 29 ነው። መንታ ስለሆኑ ጡቴ አልበቃ ብሎ ጡጦ ጀምሬላቸው ነበር። ጡጦ የጀመረች እናት የወር አበባዋ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። የእኔም በ27 ተመለሰ። የሴቷ ቀን ሲሞላ፣ እኔም ከልጄ ጋር የምገባበት ቀን ሲደርስ፣ እንደገና ውጭ ቆምኩ። ክርስትና ሲነሣ ለእናቲቱ የሚጸለይ ጸሎት አለ። በመጽሐፈ ክርስትና ውስጥ የተጻፈ ነው። ያ ጸሎት በወንዱ 40 ቀንሽ አልሞላም ተብሎ አልተደረገልኝም፤ በ80 ደግሞ አልገባሁም። ከሳምንት በኋላ ስመጣ "መቼ ይጸለይልኛል?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ አንዱ ላከኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ብቻዬን በሴቶች በር ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

አባቶች፣ ይህ ቀላል አይደለም። በኦሪቱም እኮ ቀኗ ሲሞላ መመለሻ ነበራት። የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ፣ ድሃ ከሆነች ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ ይዛ ትመጣለች፤ ካህኑ ይቀበላታል። እመቤታችንም ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ የወጣችው የድሃዋን መሥዋዕት ይዛ ነው፤ ሉቃስ ጽፎታል። ሥርዓቱ ሴቷን የሚያቆያትን ያህል የሚመልስበት መንገድም አለው። በደብራችን ግን ማቆየቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መመለሱን የሚያስታውስ የለም። ብዙ እናቶች ስጠይቃቸው ለእነሱ የሚጸለይ ጸሎት መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ፅንስ የወረደባት እህታችን ጉዳይም እዚህ ጋ ይነሣል። በአምስተኛ ወሯ ነው ያጣችው። ስንት ቀን ልቁም ብላ ጠየቀች። አንዱ 40 አሏት፤ ሌላው "ጾታው ካልታወቀ 80 ይሻላል" አሏት። 80 ቀን ቆየች። ልጅ የላት፣ ክርስትና የላት። 80ው ሲያልቅም "ግቢ" ያላት አልነበረም። በሐዘኗ ጊዜ ቤቷ መጥቶ ጠበል የረጨላት ካህንም አልነበረም።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ የማያልቅ ደም ነው። ማስታወቂያው ይህን ጨርሶ አላሰበውም።

ከመካከላችን አንዲት ባለትዳር በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ አስገብታለች። ይህ መከላከያ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ለወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ያመጣል። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቆምም። እሷና ባሏ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። እሷ ዘጠኝ ወር አልቆረበችም። ባሏም ያለ እሷ አልቆርብም ብሎ ዘጠኝ ወር ቆየ። ሌላዋ የማህፀን ዕጢ አለባት፤ ደሟ በወር ውስጥ 15 ቀን ይፈሳል። እነዚህ ሴቶች በማስታወቂያው መሠረት ከግቢው ግማሽ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ውጭ ናቸው ማለት ነው።

ኦሪቱ ያለ ጊዜው ስለሚፈስ ደም ይናገራል፤ ደሙ እስካለ ድረስ እንደ ግዳጇ ቀን ይቆጠራል ይላል። ይህን አልደበቅንም። ነገር ግን ወንጌሉ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የነበረችውን ሴት ያመጣል። በሕዝብ መካከል አልፋ የልብሱን ጫፍ ነካች፤ ጌታም አልገሠጻትም። አባቶች ይህችን ሴት በተለያየ መንገድ ተርጉመዋታል። በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ እሷ እንኳ የነካችው ልብሱን ነው፣ እሱን አይደለም ብለው ሴቶች በዚያ ወቅት ወደ ቅዱስ ማዕድ እንዳይቀርቡ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ደብዳቤ በየትኛውም ሁኔታ ሆኖ መጸለይና እግዚአብሔርን ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም ይላሉ። በሶርያውያን ዘንድ ተጠብቆ የኖረው ጥንታዊው ዲድስቅልያ ደግሞ ከዚህም አልፎ በወር አበባቸው ወቅት ራሳቸውን ከጸሎትና ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚያርቁ ሴቶችን ይገሥጻል፤ በጥምቀት ያገኛችሁት መንፈስ ቅዱስ በዚህ ቀን አይለያችሁም ይላቸዋል። እኛ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ለማለት አይደለም። ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው። የምንለው፣ ሥርዓቱን ያጠበቁትም አባት ቢሆኑ ጸሎቷን አልከለከሏትም ነው።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ይህን ጉዳይ አውርተንበታል። በእነሱ ዘንድ በሐይድና በኒፋስ፣ ማለትም በወር አበባና በወሊድ ደም ላይ ያለች ሴት ሶላት አትሰግድም፤ ያለፋትን ሶላትም አትከፍልም፤ ጾሙን ግን በኋላ ትከፍላለች። የወሊድ ደም እስከ 40 ቀን፣ ሻፊዒ በሚባለው የሕግ ትምህርት ደግሞ እስከ 60 ቀን ሊቆጠር ይችላል። በ20 ቀኗ ደሙ ከቆመ ግን ታጥባ ወደ ሶላቷ ትመለሳለች። ከልማዷ ውጪ ለሚፈስ ደም ደግሞ ሌላ ስም አላቸው፤ ኢስቲሓዳ ይባላል። ያ ያላት ሴት ለየሶላቱ ውዱእ የሚሉትን መታጠብ እያደረገች ትሰግዳለች። ከአምልኮዋ አትቋረጥም። የዒድ ቀንም በወር አበባ ላይ ያሉት ሴቶች ጭምር እንዲወጡ፣ ከመስገጃው ብቻ ገለል ብለው ዱዓውን እንዲካፈሉ ነቢዩ ማዘዛቸው በሐዲስ አለ ብላ ነገረችኝ። እኔ ያን ቀን የስቅለቱን አስፋልት አሰብኩ።

በጎንደር የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ከሁሉ የጠበቀ ሥርዓት ነበራቸው። ሴቷ በወር አበባዋ 7 ቀን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወደተሠራው የመርገም ጎጆ ትገባለች። ወልዳም ከሆነ 40 ወይም 80 ቀን ተለይታ ትኖራለች። በዙሪያው ድንጋይ ተደርድሯል፤ ምግቡ ከድንጋዩ ወዲህ ይቀመጥላታል። እስራኤል ከገቡ በኋላ ያገኙት የረቢዎች ሥርዓት ግን ጎጆ የለውም፤ ሴቷ ቀኗን ቆጥራ ሚቅቬ በሚሉት ውኃ ትነከራለች። የጎጆውን ኑሮ እንዲመጣብን አንመኝም። ግን በዚያ ጥብቅ ሥርዓት እንኳ ሴቷ ጣሪያና እሳት፣ እህልም ነበራት። ማኅበረሰቡ ቀድሞ አስቦላታል።

አራተኛው አጭር ነው። ከእናቶቻችን አንዷ በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። በአቡሊዲስ ስም በሚጠራው ቀኖና አዋላጇ ወንድ ካዋለደች 20፣ ሴት ካዋለደች 40 ቀን ከቅዱስ ምሥጢር ትቆያለች የሚል አለ። ይህ የተጻፈው በዓመት ጥቂት ሕፃን ለምትቀበል የሰፈር አዋላጅ ነው። የእኛዋ በአንድ ሌሊት ተረኛነት አራትና አምስት ታዋልዳለች። ቀኑ ከተቆጠረባት ጡረታ እስክትወጣ አትቆርብም። ባለፈው ሳምንት አንድ አስተባባሪ ሥራዋን ስለሚያውቅ "አንቺማ ምኑን ትገቢያለሽ" አላት። ሴትየዋ እንባዋ መጣ። ልጆቻችሁን በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። ያው ቀኖና፣ ይህንም እናስታውሳችሁ፣ የወለደችው እናት ቀኗ ሳይሞላ ከመጣች ከንኡሰ ክርስቲያን ጋር ትጸልይ ይላል። ማለትም የምትቆምበት ቦታ ይሰጣታል።

የውኃውን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ቅዳሴ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። የወር አበባ ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም። ቅድስት ውስጥ ቆማ ሳለ የጀመራት ሴት ወዴት ትሂድ? በግቢው ያለው መጸዳጃ የሚቆለፍ በር የለውም፤ ውኃም የለውም። ብዙ ልጆች ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይቀራሉ፤ ድንገት ይመጣብኛል ብለው። ስለዚህ ሥርዓቱ ከሚያስቀራቸው 7 ቀን ሌላ ተጨማሪ ቀን የሚያስቀራቸው የመጸዳጃው ሁኔታ ነው። ይህ በስብከት አይፈታም፤ በቧንቧና በመቀርቀሪያ ነው የሚፈታው።

ከዚህ በመነሣት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በበሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ይነሣ። ሥርዓቱን ማስታወስ ካስፈለገ በዐውደ ምሕረት ሊቃውንቱ ያስተምሩት። የሚከለከለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መግባትና መቁረብ እንጂ ወደ ግቢው መግባት አለመሆኑም በግልጽ ይነገር። ለወንዱም ለሴቱም ያለው አንድ ላይ ይነገር።

በር ላይ ማንም ሰው ሴትን ስለ ሰውነቷ እንዳይጠይቅ ለአስተባባሪዎች መመሪያ ይሰጥ። ለዚያች የ15 ዓመት ልጅ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ አባት ቤቷ ሄደው ያነጋግሯት፤ ወላጆቿ ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠይቀናል።

መጠለያው ይመለስ። ሱቁ ከተጀመረ በኋላ ማፍረስ ከባድ ከሆነ፣ በሰሜን በኩል ከዋርካው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ይበቃናል። ቆርቆሮና አግዳሚውን እኛ አዋጥተን እንሠራለን። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃዱንና የድምጽ ማጉያውን ነው። ከፋሲካ ወዲህ ለዚህ የሰበሰብነው ገንዘብ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም እጅ ነው።

ስለ ክርስትና ቀን ቆጠራ፣ ስለ መንታ፣ ስለ ወረደ ፅንስ፣ ለእናቲቱ ስለሚደረገው ጸሎትና ቀኑ ሲሞላ በልማዷ ላይ ለተገኘች እናት መቼ እንደሚደረግላት፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተመክሮ አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። መዝገብ ክፍሉም ካህናቱም ከዚያ ወረቀት ይናገሩ። ሕፃኑ ታሞ የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይሞላም መጠመቅ እንደሚችል በወረቀቱ ይግባ፤ ይህን የማያውቁ አሉና።

ደማቸው ለማይቆም ሴቶችና ለአዋላጆች ጉዳያቸውን የንስሐ አባቶቻቸው እንዲያዩላቸው፣ ካስፈለገም የሐኪም ማስረጃቸውን ተመልክተው እንዲወስኑላቸው ይፈቀድ። አስተባባሪ በዚህ አይግባ።

ለመጸዳጃ ቤቱ በርና ውኃ ይግባለት።

ይህ ሁሉ በሰበካ ጉባኤው ሲታይ ከእናቶችና ከእህቶች ሁለት ተወካይ ተገኝተው እንዲያስረዱ እንጠይቃለን። መልሳችሁን ከሰኔ 12 የሚካኤል በዓል በፊት እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት ወልደው ቀናቸው የሚሞላ አራት እናቶች አሉን።

ቡራኬያችሁ ትድረሰን።

በደብሩ እናቶችና እህቶች ስም፣
የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ክፍል አባልና የመንታ ልጆች እናት